ዳር ዳሩ የተቆረጠው ስላይድ

«የክፍሌ ፕሮጀክተር ስላይዶቼን ዳር ዳሩን ይቆርጣል፤ እባካችሁ እዩልኝ።» የመምህሯ ኢሜይል በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የአይቲ ባለሙያው ክፍሏ ድረስ ሳይሄድ ምንም ማለት ባልቻለ ነበር። እሷ ግን ጨመረችበት፦ «ስላይዱን ስዘጋውም ላፕቶፔ ላይ ታች ጥግ ያለው ሰዓት ሸራው ላይ አይታይም። ምስሉ ከሸራው አልፎ ግድግዳው ላይም አልወጣም።»

እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሥራውን ጨረሱት ማለት ይቻላል። ሰዓቱም ከጠፋ ጥፋቱ የስላይዱ አይደለም። ምስሉ ግድግዳው ላይ ቢያልፍ ኖሮ የሌንሱን ዙም መቀነስ ይበቃ ነበር።

የቀረው ዋነኛ ተጠርጣሪ ኦቨርስካን ነው። የድሮ ቴሌቪዥኖች የምስሉ ጠርዝ ስለማያምር ሆን ብለው ምስሉን ጥቂት አስፍተው ዳሩን ይደብቁ ነበር። ልማዱ በኤችዲኤምአይ ገመድ በሚገናኙ አንዳንድ ፕሮጀክተሮች ላይ እስካሁን አለ። ፊልም ለሚያይ ሰው ግድ አይሰጠውም፤ የሒሳብ ሰንጠረዥ ላይ ግን የመጀመሪያውን ዓምድ ይበላል።

ባለሙያው በመልሱ፣ በሪሞቱ ሜኑውን ከፍታ Overscan የሚለውን 0 ወይም Off እንድታደርግ ጻፈላት። ምርጫው ከሌለ ምስሉን ከላፕቶፑ የግራፊክስ ማስተካከያ ማሳነስ ይቻላል፤ ያኔ ግን ጽሑፉ ትንሽ ይደበዝዛል።