ጭሱ መቼ ነው የሚመለሰው?

መስከረም ሲጠባ ነው፣ ደብረ ብርሃን። እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ አንዲት ጎረቤቴ ሌሊት ተነሥታ ምድጃዋን ስታቀጣጥል፣ ቱቦ ተሠርቶለት በጣሪያ በኩል እንዲወጣ የተደረገው ጭስ ወደ ማድ ቤቱ ተመልሶ ይገባል። ዓይኗ ያነባል፣ ትስላለች፣ በሩን ከፍታ ብርዱን ታስገባለች። ምድጃዋ ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው፣ ምጣዱን ዙሪያውን ከብቦ የሚይዘው ምርጥ ምድጃ ነው። ከኋላው ባለው የጭስ መውጫ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ቱቦ ተገጥሞለታል። ቱቦው ሁለት ዓመት ያህል አገልግሏል፤ በነዚህ ሁለት ዓመታት አንድም ቀን ተጠርጎ አያውቅም።

ቱቦውን ሊያይላት የመጣው ቆርቆሮ ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጥያቄ ነበረው።

«እህቴ፣ ጭሱ መቼ መቼ ነው የሚመለስብሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሁልጊዜ ነው!»

«ስታቀጣጥዪ ነው ወይስ ምጣዱ ከጋለም በኋላ? በሩ ሲዘጋ ነው ወይስ ሲከፈትም? ነፋስ ሲነሣስ?»

ጥቂት አሰበች። «ሰኔ ላይ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። እየቆየ ቀኑን ሙሉ ሆነ። ነፋስ ሲነሣማ ጨርሶ አያስቀምጠኝም» አለችው።

የሰጠችው መልስ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ አፍ የሚናገር ነበር። ጭስ የሚመለስበት ሰዓት የሚመለስበትን ምክንያት ይጠቁማል። ይህን የማይጠይቅ ሰው ቱቦውን ይጠርግና ነፋሱን ይረሳል፤ ወይም ቱቦውን ያስረዝምና ጥቀርሻውን እዚያው ይተወዋል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ቱቦ ጭስን እንዴት እንደሚስብ ማወቅ ያስፈልጋል። ትኩስ አየር ከቀዝቃዛ አየር ይቀላል። በቱቦው ውስጥ ያለው ትኩስ ጭስ ቀሎ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከበታቹ ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ያን ቦታ ለመሙላት የክፍሉ አየር በእሳቱ በኩል ይገባል። ቱቦው በረዘመና ጭሱ በጋለ መጠን ስበቱ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ይህ ኃይል እጅግ ደካማ ነው። ሦስት ሜትር በሚረዝም ቱቦ ውስጥ ጭሱ 150 ዲግሪ ሴልሲየስ ቢደርስ እንኳ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የሚገኘው ስበት ውሃን አንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ለማድረግ አይበቃም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ያው ቱቦ ቆላ ላይ ከሚስበው ያነሰ ይስባል። እንዲህ ያለውን ደካማ ኃይል ጥቂት ጥቀርሻ፣ አንድ የተዘጋ መስኮት ወይም አንድ የነፋስ ምት ይበቃዋል።

ሠራተኛው «እየቆየ ቀኑን ሙሉ ሆነ» ከሚለው ጀመረ። ቀስ በቀስ የሚብስ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የጥቀርሻ ነው። ከታች ያለውን የቱቦ መገጣጠሚያ ፈታና ትንሽ መስታወት ሰያፍ አድርጎ ወደ ውስጥ ያዘ። ንጹሕና ቀጥ ያለ ቱቦ ቢሆን ኖሮ በመስታወቱ ውስጥ የሰማይ ክብ በታየው ነበር። የታየው ግን ጥቁር ግድግዳና በመሐሉ ጠባብ ብርሃን ነው። ጥቀርሻው ዙሪያውን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይዟል። አንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የ10 ሳንቲ ሜትሩን ቱቦ ወደ 8 ያወርደዋል። ጭሱ የሚያልፍበት ቦታ ከሢሶ በላይ ይቀንሳል፤ ያንኑ ጭስ ለማሳለፍ የሚጠየቀው ኃይል ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለዚህ ነው ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መጥረግ የሚገባው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።

ቱቦ የሚጠረገው ምድጃው ሙሉ ቀን ካረፈና ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ በአመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም በማግስቱም ትኩስ ሊሆን ይችላልና። ሠራተኛው ምጣዱን አነሣ፣ አመዱን በብረት ባልዲ አወጣ፣ በቱቦው ሥር ጆንያ አስሮ አፉን ዘጋ። አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ መሰላሉን ከታች ሰው እንዲይዝለት አድርጎ ወጣ። ከላይ ቆቡን አንሥቶ፣ በገመድ ጫፍ ትንሽ ክብደት ያለበትን ጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ወደ ታች እየለቀቀና እየሳበ ከአሥር ጊዜ በላይ አመላለሰው። ስስ ቆርቆሮ ላይ ሰንሰለት ወይም ሹል ብረት መወርወር ቱቦውን ይበሳዋል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ በኩል ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ስበቱም ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ቱቦው ከተጠረገ በኋላ ጥቀርሻው ወርዶ የሚከማቸው ከምጣዱ ኋላ፣ ጭሱ ወደ ቱቦው በሚታጠፍበት ጉሮሮ ላይ ነው። በራሪ አመድም የሚተኛው እዚያው ነው። የጎረቤቴ ምድጃ ጉሮሮ እስከ ግማሹ ተሞልቶ ነበር። በእጅ መጥረጊያ ጠርጎ አወጣው፤ መገጣጠሚያዎቹን ደግሞ በአመድ በተለወሰ ጭቃ መረጋቸው።

ከጆንያው የወጣው ጥቀርሻ ሁለት ዓይነት ነበር። አብዛኛው እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ከላይኛው የቱቦ ክፍል የወጣው ግን ሬንጅ የመሰለ፣ የሚያብለጨልጭና የሚጣበቅ ነበር። ይህ የእርጥብ እንጨት ውጤት ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ነው። እሳቱ ሙቀቱን በውሃው ትነት ላይ ይጨርሳል፣ ጭሱ ሳይቃጠልና ሳይግል ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ሲደርስም ወደ ጥቁር ዝፍትነት ተለውጦ ይለጠፋል። ጎረቤቴ ክረምቱን ሙሉ ያነደደችው ዝናብ የመታውን ባሕር ዛፍ ነበር። ችግሩ በሰኔ የጀመረውም በዚህ ነው።

ዝፍት የሆነውን ጥቀርሻ ብሩሽ አያስለቅቀውም። በቱቦው ውስጥ እሳት ለኩሶ ማቃጠል ደግሞ ጣሪያ የሚያስነሣ ስሕተት ነው፤ የተቀጣጠለ ጥቀርሻ ቱቦውን እስኪቀላ ድረስ ያግለዋል። ሠራተኛው የላይኛውን አንድ ሜትር ቆርጦ በአዲስ ቆርቆሮ ለወጠው። ድንገት ከቱቦ ውስጥ የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ጥቀርሻው ተቀጣጥሏል ማለት ነው። ያኔ የምድጃውን አፍ በቆርቆሮ ዘግቶ አየር መከልከል፣ ሰውን ሁሉ ከቤት ማውጣትና እሳት አደጋ መጥራት ነው። የጋለ ቱቦ ውስጥ ውሃ መጨመር ቱቦውን ሊያፈነዳውና በእንፋሎት ሰው ሊያቃጥል ይችላል።

ቀጥሎ «ጠዋት ጠዋት» የተባለው ነው። ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘ ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውታፍ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ጭስ ይመልሰዋል። ይህ ብልሽት ስላልሆነ መፍትሔውም ቀላል ነው። ዋናው እሳት ከመነደዱ በፊት ወደ ጉሮሮው ተጠግቶ አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር ወይም ወረቀት ይነዳል። ነበልባሉ ቱቦውን አሙቆ አየሩን ያስነሣል። መነሣቱን ለማወቅ የተለኮሰ ጧፍ ወደ ምድጃው አፍ ማስጠጋት ይበቃል። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ቱቦው እየሳበ ነው፤ ወደ ሰው ካዘነበለ ገና ነው።

ጧፉ ሌላም ነገር አሳየን። በሩ ሲዘጋ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በሩ ገርበብ ሲል ወደ ውስጥ ይጎነበሳል። ጎረቤቴ የክረምቱን ብርድ ለመከላከል ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ወትፋው ነበር። የሚወጣው ጭስ በምትኩ የሚገባ አየር ካላገኘ ቱቦው የሚስበው ነገር የለም። ከበሩ ሥር መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፈተለት። ከላይ ያለው ክፍተትም ጨርቁ ወጣለት።

የቀረው ነፋሱ ነበር። ቱቦው የሚያበቃው ከጣሪያው አናት በታች ነው። ከጣሪያው ማዶ የሚመጣ ነፋስ አናቱን ዘሎ ሲወርድ ቱቦው አፍ ላይ ያርፍና ጭሱን ወደ ታች ይገፋዋል። በብዙ አገር የሚሠራበት ደንብ፣ የቱቦው አፍ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ካለ ከማንኛውም ጣሪያ ወይም ግድግዳ በ60 ሳንቲ ሜትር መብለጥ እንዳለበት፣ ከጣሪያው ከሚወጣበት ቦታም ከ90 ሳንቲ ሜትር ማነስ እንደሌለበት ነው። የእሷ ቱቦ አንድ ሜትር ተጨመረለትና በሦስት በኩል በሽቦ ተወጠረ። ዝናብ መከላከያው ቆብም ቱቦው አፍ ላይ ተጣብቆ ስለነበር 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ተደረገ፤ ይኸውም የቱቦው ስፋት ግማሽ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሠራተኛው አንድ ነገር ሲያይ ቆመ። ጎረቤቴ ጋግራ ስትጨርስ ፍሙን በከሰል ምድጃ እየዛቀች ልጆቹ ወደሚተኙበት ክፍል ታስገባ ነበር፤ «ጭስ የለውም» ብላ። የጋየ ከሰል ጭስ የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ግን ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም በአንድ ቤት ውስጥ ባሉ ሰዎች ላይ አብሮ ከመጣ ወዲያው ከቤት ወጥቶ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። የተደፈነ ቱቦም እንዲሁ አደገኛ ነው። እሳቱ ወደ ፍም ሲለወጥ ጭሱ ይጠፋል፤ ጋዙ ግን ወደ ክፍሉ መግባቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ጭስ አለመታየቱ ቱቦው እየሠራ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የሚያረጋግጠው ጧፉ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፍሙ እዚያው ምድጃው ውስጥ ይዳፈናል። ማገዶውም ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ዳስ ሥር ተደርድሯል፤ ለመጪው ክረምት የሚነደው አሁን በበጋ የሚደርቀው ነው። ያቺ ትንሽ መስታወት ደግሞ ከምጣድ ማሰሻው አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ጎረቤቴ እሳት ከማንደዷ በፊት የቱቦውን መገጣጠሚያ ፈትታ መስታወቷን ሰያፍ ትይዛለች። የሰማዩ ክብ ሙሉ ሆኖ ከታያት ቱቦውን መልሳ ትገጥምና ሊጧን ታነሣለች።