በብዙ ፋይሎች ውስጥ የሚደጋገሙ ዓረፍተ ነገሮችና የትርጉም ማኅደር፤ ለራያ ቆላ የሚዘጋጅ የመምህር መምሪያ እንደ ምሳሌ

ከወልድያ በስተሰሜን የሚገኘው የቆቦ አካባቢና በጠቅላላው የራያ ቆላ ከአማርኛ ጋር ኦሮምኛና ትግርኛ ሲነገርበት የኖረ ምድር ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህ፣ በአንድ ቋንቋ የተዘጋጀን የመምህር መምሪያ ወደ ሌላው መመለስ የትምህርት ዝግጅት አንድ ክፍል ሆኗል። እንዲህ ባለው መምሪያ ውስጥ ዋናው ትምህርት ከምዕራፍ ምዕራፍ ቢለያይም፣ መመሪያ ሰጪዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ግን በየምዕራፉ ይደጋገማሉ። በኮምፒዩተር የሚታገዝ የትርጉም መሣሪያ የሚጠቅመው በተለይ በዚህ ጊዜ ነው።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። የምንጩን ጽሑፍ በዓረፍተ ነገር እየከፋፈለ ለተርጓሚው ያቀርባል፤ ተርጓሚው የሰጠውንም ትርጉም ከምንጩ ጋር አጣምሮ ይመዘግባል። ይህ መዝገብ የትርጉም ማኅደር ይባላል። ያው ዓረፍተ ነገር በሌላ ፋይል ውስጥ ሲገኝ መሣሪያው ከማኅደሩ አውጥቶ በቦታው ያስገባዋል። ፍጹም ካልገጠመ ግን ተቀራራቢውን በመቶኛ መዝኖ በጥቆማ መልክ ያሳያል። ያለ ክፍያ ከሚገኙት መሣሪያዎች አንዱ «OmegaT» ሲሆን፣ ምንጮቹን `source` በተባለው ማኅደር፣ ትርጉሞቹን `target` በተባለው፣ የትርጉም ማኅደሩን ደግሞ `omegat` በተባለው ውስጥ `project_save.tmx` በሚል ስም ያስቀምጣል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ ስለ ራያ ቆላ እርሻ የሚያስረዳ፣ በ12 ፋይሎች የተከፈለ አማርኛ የመምህር መምሪያ ወደ ኦሮምኛ ይመለሳል እንበል። አንዱ ፋይል ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሽላ ማሳ ስለ መጥለፍ፣ ሌላው በማሽላ ላይ ጉዳት ስለሚያደርሰው አቀንጭራ፣ የቀሩትም እንዲሁ ስለ ሌሎች ርእሶች ይናገራሉ። በያንዳንዱ ፋይል 40 ዓረፍተ ነገር ቢኖር ድምሩ 480 ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ 5ቱ በየፋይሉ የሚደገሙ መመሪያዎች ቢሆኑ፣ 60 ጊዜ የሚገኙት እነዚህ 5 ዓረፍተ ነገሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይተረጐማሉ። ስለዚህ የሚተረጐመው ከ480 ወደ 425 ይወርዳል፤ የሚቀነሰውም ከመቶ 11 ያህል ነው። ዕቅድ አውጪው ይህን በግምት ሳይሆን፣ መሣሪያው ራሱ በ`project_stats.txt` ከሚያወጣው ቆጠራ አስቀድሞ ሊያነበው ይችላል። ጠቅላላው ብዛትና ያልተደጋገሙት ብዛት ለየብቻ ተጽፈው ይገኛሉ።

ሆኖም ቆጠራው ብዙውን ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም በአማርኛ ለዓይን አንድ የሆነው ለኮምፒዩተር አንድ አይደለም። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጸሐፊዎች ሁለት ሁለት ነጥቦችን አጠጋግተው ወይም የላቲኑን ሁለት ነጥብ ደግመው ይጽፉታል። አንባቢው ልዩነቱን አያስተውልም፤ መሣሪያው ግን የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ስለማያውቀው ሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን እንደ አንድ ይይዛል። እንዲህ ከሆነ ተደጋጋሚው መመሪያ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ በማኅደሩ ውስጥ አይታወቅም። የጥፋቱ ምልክት በማያ ገጹ ላይ የአንቀጽ ያህል የረዘመ ክፍል መታየቱ ነው። መፍትሔውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአማርኛ የመክፈያ ሕግ ውስጥ የሚከተለውን መጨመር ነው፦

```
Pattern Before: (።|፡፡|::)
Pattern After:  \s
```

የመጀመሪያው መሥመር ሦስቱንም የአራት ነጥብ አጻጻፎች፣ ሁለተኛው ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ባዶ ቦታ ያመለክታል። «ዓ.ም.» የሚለው አሕጽሮት ዓረፍተ ነገሩን በመሐል እንዳይቆርጠውም ከሌሎቹ በላይ በልዩ ሁኔታ መመዝገብ አለበት። ሕጉ በሥራው መካከል ከተለወጠ ቀደም ሲል የተመዘገቡት ክፍሎች ከአዲሱ አከፋፈል ጋር ስለማይገጥሙ፣ ጊዜው በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። አንዱ አዘጋጅ «ሥራውን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ» ሲል፣ ሌላው «ስራውን በደብተራችሁ ላይ ፃፉ» ቢል፣ ከ4 ቃላት 2ቱ ስለማይገጥሙ መሣሪያው ግማሽ ያህል ተመሳሳይ አድርጎ ይመዝነዋል፤ በራሱም አያስገባውም። ስለዚህ ከትርጉሙ በፊት የምንጩን አጻጻፍ አንድ ማድረግ ከትርጉሙ ሥራ ተለይቶ የማይታይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን መሣሪያው ያላወቀው ሳይሆን፣ አውቆ የሚያሳስተው ነው። በመምህር መምሪያ ውስጥ «ጥያቄዎቹን ይመልሱ።» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኛል። በአማርኛ «ይመልሱ» ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው ለመምህሩ በአክብሮት የሚሰጥ ትእዛዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪዎቹ እንዲመልሱ የሚል ነው። በኦሮምኛ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ለመምህሩ ሲሆን «ዴቢሳ» ይባላል፤ ለተማሪዎቹ ሲሆን «ሃ ዴቢሳን» ይባላል። እንግዲህ በምሳሌያችን ይህ ዓረፍተ ነገር በ9 ፋይሎች ስለ ተማሪዎች፣ በ3 ፋይሎች ስለ መምህሩ ቢናገር፣ ተርጓሚው የመጀመሪያውን ፋይል ሲሠራ የተማሪዎቹን ፍች ቢመርጥ ያው ፍች በ12ቱም ፋይሎች ይሰራጫል። የሚያነበው ባይኖር ስሕተቱ በሦስት ትምህርቶች ላይ ይታተማል፤ መምህሩም ራሱ ሊመልሰው የሚገባውን ለልጆቹ ይተወዋል።

ይህን ለማስቀረት ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩን ሲያገኝ በመፈለጊያው የሚገኝባቸውን ቦታዎች ሁሉ አውጥቶ ከበላይና ከበታች ባሉት ዓረፍተ ነገሮች ማንን እንደሚያዝ መመርመር ይገባዋል። ከዚያም የሚበዛውን ፍች እንደ መደበኛ ትርጉም ይተወዋል፤ በቀሩት ቦታዎች ላይ `Create Alternative Translation` የተባለውን ትእዛዝ በመጠቀም ለዚያ ቦታ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ትርጉም ይመዘግባል። መሣሪያውም ቦታውን በፋይሉ ስምና በዙሪያው ባሉት ክፍሎች ለይቶ ይይዘዋል። ምንጩን ለማረም ሥልጣን ያለው አዘጋጅ ካለ ግን፣ «ተማሪዎች ጥያቄዎቹን ይመልሱ» ብሎ ባለቤቱን መጨመር የሚሻል መንገድ ነው፤ አንድ ጊዜ የታረመው ምንጭ ወደ ኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን ወደ ትግርኛም ሲመለስ ያገለግላልና።

በመጨረሻም፣ ከአንዱ ሥራ የተገኘው ማኅደር ለሚቀጥለው ዓመት መምሪያ ሲያገለግል በ`tm` ውስጥ ቢቀመጥ በጥቆማ መልክ ብቻ ይቀርባል፤ በ`tm/auto` ውስጥ ቢቀመጥ ግን ሳይጠየቅ ይገባል። እንደ «ይመልሱ» ያሉ ሁለት ፍች ያላቸው ዓረፍተ ነገሮች ባሉበት ማኅደር የመጀመሪያው ይመረጣል። ጥቆማውን ተቀብሎ መቀጠል ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፤ ይህም ጥቂት ሰከንድ ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩ ማንን እንደሚያዝ የሚያይበት ጊዜ ነው።