ቀንድ አውጣው በጠርሙሱ ውስጥ ነበር?

ዕለቱ እሑድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 1928። በስኮትላንድ፣ ከግላስጎው አቅራቢያ ባለችው ፔዝሊ ከተማ፣ ወይዘሮ ሜይ ዶኖሁ ከጓደኛቸው ጋር አንድ ካፌ ገቡ። ያዘዘችውም የከፈለችውም ጓደኛቸው ነበረች። የካፌው ባለቤት ከጠርሙስ የዝንጅብል ለስላሳ አይስክሬማቸው ላይ ቀዳላቸው፤ ወይዘሮዋም ጠጡ። ጓደኛቸው የተረፈውን ስትገለብጥ ግን የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ከጠርሙሱ ወጣ። የጠርሙሱ መስታወት ጥቁር ስለነበር ውስጡ አይታይም። ወይዘሮ ዶኖሁ በድንጋጤና በሆድ ሕመም መጎዳታቸውን ገልጸው፣ የመጠጡ አምራች ዴቪድ ስቲቨንሰን 500 ፓውንድ ካሣ እንዲከፍላቸው ከሰሱ።

ክርክሩ በይግባኝ እስከ ብሪታንያ የሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። በዚያ ዘመን የመጨረሻው የይግባኝ ሰሚ እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 1932 የተሰጠው ፍርድ በታተመበት መጽሐፍ 60 ገጽ ያህል ይዟል። የሕግ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ፍርድ ወደ አንድ ገጽ ሲያሳጥር በአራት ይከፍለዋል፤ ፍሬ ነገሩን፣ የሕግ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና የውሳኔውን ምክንያት ለየብቻ ያስቀምጣል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ይህን ፍርድ ያሳጠሩ ብዙዎች ግን ገና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተሳስተዋል፤ «ከሳሽ በጠጡት መጠጥ ውስጥ ቀንድ አውጣ ተገኘ» ብለው ይጀምራሉ።

መገኘቱን ማንም ፍርድ ቤት አላረጋገጠም። አምራቹ ማስረጃ ከመሰማቱ በፊት መቃወሚያ አቅርበው ነበር፤ ነገሩ በእኛ አነጋገር «ክሱ የክስ ምክንያት የለውም» ማለት ነው። ከሳሽ የሚሉት ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ሕጉ አያስከፍለኝም ነው ክርክራቸው። የስኮትላንድ የመጀመሪያው ዳኛ ለከሳሽ ፈረዱ፤ ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው፤ ሎርዶቹ ደግሞ መልሰው ገለበጡት። በሦስቱም ደረጃ ዳኞቹ የተከራከሩት «ከሳሽ ያሉት እውነት ነው እንበል» በሚል መነሻ ነው። ስለዚህ የፍሬ ነገሩ ክፍል «በክሱ እንደተገለጸው» ብሎ መጀመር አለበት። አጭር መግለጫ ስጽፍ አስቀድሜ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ጉዳዩ በየትኛው ደረጃ ላይ ሳለ ተፈረደ? ማስረጃ ተመዝኖ ነው ወይስ በመቃወሚያ? ይህ ካልታወቀ የተባለውና የተረጋገጠው ይደባለቃሉ።

አራቱ ክፍሎች በወረቀት ላይ በዚያ ቅደም ተከተል ይቀመጡ እንጂ ሥራው የሚጀመረው ከጭብጡ ነው። የትኛው ፍሬ ነገር ይቅር፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነውና። የዚህ ጉዳይ ጭብጥ «አምራቹ ጥፋተኛ ናቸው ወይ?» አይደለም፤ ያ ጥያቄ ለዳኞቹ አልቀረበም። «ሰው ለሰው መጠንቀቅ አለበት ወይ?» ብሎ መጻፍም ጉዳዩን ስለሚያሰፋው ማንኛውም ክርክር ይገባበታል። «የዝንጅብል ለስላሳ የሚሠራ ሰው ቀንድ አውጣ ለጠጣ ሰው ይጠየቃል ወይ?» ከተባለ ደግሞ ከዚህ ጉዳይ ውጭ ለማንም አይጠቅምም። ልኩ በመካከል ነው፦ አንድ አምራች ዕቃውን በቀጥታ ላልገዛውና ውል ለሌለው የመጨረሻ ተጠቃሚ፣ በዕቃው ጉድለት ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት ወይ?

ጭብጡ እንዲህ ከተቀመጠ ፍሬ ነገሮቹን ማበጠር ይቀላል። እያንዳንዱን በሐሳብ እየለወጥኩ ውሳኔው ይለወጥ እንደሆነ አያለሁ። ዕለቱ ሰኞ ቢሆንስ? ምንም አይለወጥም፤ ይውጣ። አይስክሬሙስ? እሱም ይውጣ። መጠጡን የገዙት ራሳቸው ወይዘሮ ዶኖሁ ቢሆኑስ? ያኔ የካፌውን ባለቤት በውል መክሰስ ይችሉ ነበር። አምራቹን መክሰስ ያስፈለገው ጓደኛቸው ስለከፈለች ነው፤ ስለዚህ ከታሪኩ እንደ ዋዛ የሚታለፈው የሂሳብ ነገር ይቀመጣል። ጠርሙሱ ነጭ ቢሆንስ? ባለካፌው ከመክፈቱ በፊት ሊያየው ይችል ነበር፤ የአምራቹ ኃላፊነትም በዚያው ልክ አጠያያቂ ይሆን ነበር። የጠርሙሱ ጥቁረት የግድ ይጻፋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2085 ትርፍ ለማግኘት ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብን ሰው ተጠያቂ ሲያደርግ፣ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ግን ነፃ ያወጣዋል። ያው የጥቁሩ ጠርሙስ ጥያቄ ነው።

ውሳኔው ለጭብጡ የተሰጠ መልስ ነው፤ ከጭብጡ መጥበብም መስፋትም የለበትም። ሦስት ዳኞች «አዎ፣ ግዴታ አለበት» አሉ፤ ሁለቱ «የለበትም» አሉ። መልሱ ከነገደቡ ይጻፍ፦ አምራቹ ዕቃውን ከእጁ እንደወጣ ለተጠቃሚው እንዲደርስ አስቦ ከሸጠ፣ በመካከልም ማንም ሊመረምረው የማይችል ከሆነ፣ ለተጠቃሚው የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት። «ወይዘሮዋ ካሣ አገኙ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ያገኙት ክሳቸው በማስረጃ እንዲሰማ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ለእኛም አገር አንባቢ ቁም ነገር አለው። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 እንደተደነገገው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ቢያንስ አምስት ዳኞች ሆኖ ሲወስን የሌሎች ፍርድ ቤቶችን ዳኛ የሚያስገድደው ለሕጉ የሰጠው ትርጉም ነው። እከሌ መርታቱ አያስገድድም። የውሳኔው ክፍል የሕጉን ትርጉም ካልለየ የሰበርን ፍርድ ማሳጠሩ ብዙም አይረዳም።

አስቸጋሪው ምክንያቱ ነው። ሎርድ አትኪን ባልንጀራን ስለመውደድ የሚናገረውን የወንጌል ትእዛዝ መነሻ አድርገው፣ በሕግ ዓይን ባልንጀራዬ የምለው በሥራዬ በቅርብና በቀጥታ ሊጎዳ የሚችለውን፣ ስሠራም ላስበው የሚገባኝን ሰው ነው አሉ። ይህ አነጋገር እጅግ ስለታወቀ ብዙ ሰው ውሳኔው አድርጎ ይጽፈዋል። ውሳኔው ግን ከላይ ያየነው ጠባቡ ስለ አምራች የተባለው ነው፤ ባልንጀራነቱ ወደዚያ ያደረሰ መንገድ ነው። አብረዋቸው የፈረዱት ሎርድ ታንከርተንና ሎርድ ማክሚላንም ወደዚያው መልስ የደረሱት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሐተታ ነው። ስለዚህ «ችሎቱ እንዲህ አለ» ከማለት «ሎርድ አትኪን እንዲህ አሉ» ማለት ይሻላል።

የተለየውን ሐሳብም አልተውም። ሎርድ በክማስተርና ሎርድ ቶምሊን ውል በሌለበት አምራች የሚጠየቀው ዕቃው በባሕርይው አደገኛ ሲሆን ወይም ጉድለቱን እያወቀ ሲሸጥ ነው ብለው የቀደሙትን ፍርዶች ይዘው ተከራከሩ። በሩ ለመጠጥ ከተከፈተ ቤት ለሚሠራውም መከፈቱ አይቀርም የሚለው ሥጋታቸው የብዙኃኑ ውሳኔ ወሰን የት እንደሆነ ለማየት ይረዳል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

እንግዲህ ገጹ ይህን ይመስላል። ፍሬ ነገር፦ በክሱ እንደተገለጸው ከሳሽ፣ ጓደኛቸው በገዛችው፣ ውስጡ በማይታይ ጠርሙስ በታሸገ መጠጥ ታመሙ፤ አምራቹ ማስረጃ ሳይሰማ የክስ ምክንያት የለም ሲሉ ተቃወሙ። ጭብጥ፦ ውል በሌለበት አምራች ለመጨረሻው ተጠቃሚ የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት ወይ? ውሳኔ፦ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ፣ ዕቃው በመካከል ሳይመረመር እንዲደርስ ታስቦ ከተሸጠ አለበት፤ ክሱም ይሰማ። ምክንያት፦ በሥራው በቀጥታ ሊጎዳ የሚችለውን ሰው አምራቹ ሊያስብ ይገባዋል፤ ውል አለመኖሩም ይህን ግዴታ አያስቀርም። ልዩነት፦ የቀደሙት ፍርዶች ይህን አይፈቅዱም።

አምራቹ ስቲቨንሰን በዚያው በ1932 ሞቱ። ክርክሩ በስምምነት ተዘጋ፤ ማስረጃው አንድም ቀን አልተሰማም።