ተናጋሪዋ በስንት ሰዓት ትቅረብ?

የጥሪ ደብዳቤ የሚያረቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው መግቢያው ላይ ነው። ማኅበሩ መቼ እንደተቋቋመ፣ ምን ምን እንደሠራ፣ የተጋባዡ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚከበር ሲያትት ገጹ ያልቃል። ተጋባዡ ግን ፈልጎ የሚያነበው ሌላ ነው፦ መቼ፣ የት፣ ስለ ምን፣ ለስንት ደቂቃ፣ ወጪውስ በማን? ይህን ያጣ ደብዳቤ ወይ ምላሽ ሳያገኝ ይቀራል፣ ወይ ስልክ ሲያስደውል ይሰነብታል።

አንድ የጤና ባለሙያዎች ማኅበር ባሕር ዳር ላይ ጉባኤ ጠርቶ፣ ዋሽንግተን የምትኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊት የስኳር በሽታ ሐኪም ንግግር እንድታደርግ ይፈልጋል እንበል። ደብዳቤው «ኅዳር 12 ቀን ከጠዋቱ 3:30» ቢል ለጻፈው ሰው ግልጽ ነው። ሐኪሟ ግን ቀጠሮዋን የምትይዘው በፈረንጆቹ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ «3:30» የሚለውንም ስልኳ ላይ እንዳለ ብትመዘግበው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2025)፣ ከጠዋቱ 3:30፣ በፈረንጆች አቆጣጠር 9:30።» «ዓርብ» የምትለዋ ቃል ትርፍ አይደለችም። አንዱ ቀን ወደ ሌላው ሲለወጥ ስሕተት ቢገባ፣ ዕለቱና ቀኑ አልገጥም ሲሉ ወዲያው ይታወቃል።

ሐኪሟ መምጣት ባትችልና በዙም ልታቀርብ ብትስማማ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደብዳቤው የሚጻፈው መስከረም ላይ ነው፤ ያን ጊዜ በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው። አሜሪካኖች ግን ኖቬምበር ሲገባ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመልሱ፣ በጉባኤው ዕለት ልዩነቱ ስምንት ይሆናል። የእኛ ጠዋት 3:30 ለእሷ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ሰው በዚያ ሰዓት አይጋበዝም። ከቀትር በኋላ 10:30 ቢደረግ ለእሷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆንላታል።

ርእሱ ላይ «ስለ ስኳር በሽታ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እንዲህ የተጋበዘ ሰው የሚያቀርበው ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ያቀረበውን ነው፤ ሊወቀስም አይገባም። «ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት እንዴት ይቀመጥ?» ቢባል ግን ምን ተዘጋጅታ እንደምትመጣ ታውቃለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ አድማጮቹም ይጨመር፦ «ታዳሚዎቹ በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶች ናቸው፤ የበሽታውን ምንነት ያውቃሉ፣ የሚቸግራቸው አያያዙ ነው።» ይህች ዓረፍተ ነገር አሥር ያህል ስላይድ ታስቀራለች።

ስለ ጊዜው «አርባ ደቂቃ» ብቻ ማለት አይበቃም። ሠላሳው ለንግግር፣ አሥሩ ለጥያቄ መሆኑ፣ ከእሷ በፊትና በኋላ ማን እንደሚናገር ቢጠቀስ ጥሩ ነው። የእኛ ጉባኤ መክፈቻው እንደሚረዝም ደግሞ የታወቀ ነው፤ የክብር እንግዳ ይዘገያል፣ ሰላምታው ይበዛል። ከመክፈቻው ቀጥሎ የሚቀርብ ተናጋሪ አርባ ደቂቃው ሃያ ሊሆንበት ስለሚችል፣ የሻይ ዕረፍቱ በመካከል ቢገባ ይመረጣል።

የጉዞው አንቀጽ ላይ ይሉኝታ ብዙ ያበላሻል። «አስፈላጊውን ሁሉ እናደርጋለን» የሚለው አነጋገር ጨዋ ይመስላል፣ ግን ምንም አልተናገረም። ትኬቱን ማኅበሩ ይገዛል ወይስ እሷ ገዝታ በደረሰኝ ይመለስላታል? የአዲስ አበባ–ባሕር ዳሩስ በረራ ተካቷል? ሆቴሉ ስንት ሌሊት ተይዟል? የክብር ክፍያ ከሌለ «ክፍያ የለንም» ብሎ በግልጽ መጻፍ አያሳፍርም። ትኬት ከመቆረጡ በፊት ስሟ በፓስፖርቷ ላይ እንዳለ ተጽፎ እንዲላክ ይጠየቅ፤ ሁላችንም «ዶክተር እገሊት» እያልን የምንጠራት ሴት ፓስፖርቷ ላይ የባሏን ስም ይዛ ልትገኝ ትችላለች። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ካላት የቪዛ ጉዳይ የለባትም፤ ከሌላት ግን ይኸው ደብዳቤ ከቪዛ ማመልከቻው ጋር ሊቀርብ ስለሚችል ማኅተምና ፊርማ ያስፈልገዋል።

ተጋባዡ አገር ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አድራሻው ላይ መጠንቀቅ ነው። ደብዳቤው ለመሥሪያ ቤቱ ተጽፎ «ባለሙያ እንድትልኩልን» ካለ፣ መሥሪያ ቤቱ የሚልከው በዚያን ቀን ሥራ ያልያዘውን ሰው ነው። ደብዳቤው በስሙ ለራሱ ይድረስና ፈቃድ እንዲያገኝበት ግልባጩ ለኃላፊው ይላክ።

ምላሽ የሚጠበቅበት ቀንም በመጨረሻ ይቀመጥ። ጉባኤው ኅዳር 12 ከሆነ፣ እስከ መስከረም 25 መልስ ካልመጣ ሌላ ሰው ለመጋበዝ ገና ጊዜ አለ። ከፊርማው ሥር የሚሰጠው ስልክም ዓርብ ማታ ተዘግቶ ሰኞ የሚከፈተው የቢሮ መስመር ሳይሆን፣ አውሮፕላኗ ስትደርስ የሚያነሳው ሰው ስልክ ይሁን።