ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ሕመም

የረጅም መንገድ ሾፌር ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግራ ጎኑን ከጎድን አጥንቱ በታች ወግቶት ነቃ። ሕመሙ ወደ ብሽሽቱ ወረደ። ተኛ፣ ተነሣ፣ ተንበረከከ፤ የሚያሳርፈው አኳኋን አጣ። ሽንቱ የሥጋ እጣቢ መስሏል። «ትናንት ጎማ ስቀይር ወገቤን ወለም ብሎኝ ነው» አለ።

ጡንቻ ግን እንዲህ አያደርግም። ወለም ያለው ወገብ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፣ ጋደም ሲሉ ይቀላል፤ ሽንትንም ደም አያደርግም። የኩላሊት ጠጠር ቀጭኑን የሽንት ቱቦ ሲዘጋ ግን ሽንት ከበላዩ ይጠራቀምና ኩላሊቱን ይወጥረዋል፤ ሕመሙም እንደ ምጥ እየመጣ ይሄዳል። ጠጠሩ የቱቦውን ግድግዳ ሲፍቀው ይደማል።

በአልትራሳውንድ 4 ሚሊሜትር የሚሆን ጠጠር ታየ። ከ5 ሚሊሜትር የሚያንሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚወጣ ማስታገሻ ተሰጥቶት ሽንቱን እያጠለለ እንዲጠብቅ ተነገረው።

የኩላሊት ኢንፌክሽን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፣ ሽንትም ሊያቃጥል ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ጠጠር በዘጋው ኩላሊት የታሰረው ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ሊሰራጭ ይችላል። ያን ጊዜ አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም፤ የታሰረው ሽንት በቱቦ መፍሰስ አለበት። በጎን ውጋት ላይ ትኩሳት ከተጨመረ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሳይነጋ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።