ዳንኤል 2፥4፦ ቋንቋው መሃል ላይ የሚለወጥበት ቁጥር

በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ትንቢተ ዳንኤል በዕብራይስጥ ይጀምርና ምዕራፍ 2 ቁጥር 4 መሃል ላይ ወደ አራማይክ ይሻገራል። ወደ ዕብራይስጥ የሚመለሰው ምዕራፍ 8 ላይ ነው። ፊደሉ አንድ ስለሆነ ሽግግሩን የሚያሳብቀው ሰዋስው ነው።

«ንጉሡ» የሚለውን ቃል እንከተል። ዕብራይስጥ የታወቀውን ነገር ከፊት በሚገባ «ሃ» ያመለክታል፦ ሃሜሌክ። አራማይክ ግን ምልክቱን ከኋላ ይቀጥላል፦ ማልካ። የአማርኛ ተናጋሪ ይህ አይገርመው፤ የ«ንጉሡ» ምልክትም ከኋላ ነው። በቁጥር 4 መጀመሪያ ላይ «ለንጉሡ» በዕብራይስጥ «ላሜሌክ» ተብሎ ተጽፏል፤ እዚህ «ሃ» ከ«ለ» ጋር ተዋህዶ «ላ» ሆኗል። ከዚያ ጠቢባኑ ንጉሡን ሲጠሩ ቃሉ «ማልካ» ይሆናል።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚሁ ነው፤ በዕብራይስጥ ንግሥትም «ማልካ» ትባላለች። ሆኖም የንግሥቲቱ ቃል በ«ሄ» ፊደል ሲያልቅ የአራማይኩ ንጉሥ በብዛት በ«አሌፍ» ያልቃል።

ሌላው ፍንጭ ብዙ ቁጥር ነው፤ ዕብራይስጥ «ኢም»፣ አራማይክ «ኢን» ይላል። በዚህ ብቻ መፍረድ ግን አደገኛ ነው። የዳንኤል የመጨረሻ ቃል፣ «ሃያሚን» (ዘመናቱ)፣ በ«ኢን» ቢያልቅም ከፊቱ የዕብራይስጡን «ሃ» ይዟል፤ ክፍሉም ዕብራይስጥ ነው።