አንድ ሞገድ፣ ሁለት አጻጻፍ

ግማሽ ሰከንድ በርቶ ግማሽ ሰከንድ የሚጠፋ፣ ይህንኑም ሳያቋርጥ የሚደጋግም አምፖል እናስብ። ብርሃኑን በግራፍ ብንስለው ከዜሮ ወደ አንድ በአንዴ ይዘላል፣ ጥቂት ቆይቶም መልሶ ዜሮ ላይ ይወድቃል። መስመሩ ቀጥ ያለና ማዕዘን የበዛበት ነው። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፎሪየር እ.ኤ.አ. በ1807 ስለ ሙቀት ባቀረበው ጥናት እንዲህ ያለውን ቅርጽ እንኳ ከሳይንና ከኮሳይን ሞገዶች ድምር መሥራት እንደሚቻል ሲከራከር፣ በዘመኑ አንጋፋ የነበረው ላግራንዥ አልተቀበለውም ነበር። ፎሪየር ግን በሐሳቡ ጸንቶ በ1822 በመጽሐፍ አሳተመው።

የአምፖሉን አንድ ሙሉ ዙር 2π ብለን እንለካው። ከ0 እስከ π በርቷል፣ ከπ እስከ 2π ጠፍቷል። የፎሪየር ተከታታዩ እንዲህ ይሆናል፦

f(x) = 1/2 + (2/π)(sin x + (1/3) sin 3x + (1/5) sin 5x + …)

የመጀመሪያው 1/2 የብርሃኑ አማካይ ነው፤ አምፖሉ የሚበራው ግማሹን ጊዜ ነውና። ቀሪው ሁሉ ሳይን ነው። ኮሳይን አንድም የለም።

አሁን አምፖሉን ሳንነካ ሰዓት መቁጠር የምንጀምርበትን ቅጽበት ብቻ እንለውጥ። መቁጠር የምንጀምረው አምፖሉ ከበራ በኋላ የዙሩ አንድ ስምንተኛ ሲያልፍ ነው እንበል። በመጀመሪያው አጻጻፍ የsin x አባዢ 2/π ማለትም 0.637 ገደማ ነበር፣ የcos x ደግሞ ዜሮ። አሁን ሁለቱም 0.450 ይሆናሉ። የዙሩን ሩብ ያህል ብንዘገይ ደግሞ ሳይኖቹ በሙሉ ይጠፉና ኮሳይን ብቻ ይቀራል፤ ከኮሳይኖቹም ገሚሶቹ የመቀነስ ምልክት ይዘው ይመጣሉ። አምፖሉ ያው አምፖል፣ ብርሃኑም ያው ብርሃን ሆኖ ሳለ ቁጥሮቹ ሁሉ ተለዋወጡ።

የሳይንና ኮሳይን አጻጻፍ ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሞገዱ በእያንዳንዱ ፍጥነት አንድ ጥንካሬና አንድ መነሻ አቅጣጫ አለው። ሳይንና ኮሳይን ግን ያንን አንድ ነገር ለሁለት ይከፍሉታል፤ አከፋፈሉም ሰዓቱን ባስጀመርንበት ቅጽበት ላይ ይመሠረታል። ጥንካሬውንና አቅጣጫውን አንድ ላይ የሚይዝ ቁጥር ቢኖረን ችግሩ ይቃለል ነበር። ኮምፕሌክስ ቁጥር ይህንኑ ያደርጋል።

መሸጋገሪያው ኦይለር በ1748 ያሳተመው ቀመር ነው፦

e^(iθ) = cos θ + i sin θ

እዚህ ላይ i ራሱን ሲያባዛ −1 የሚሆነው ቁጥር ነው። ቀመሩን በሰዓት ቆጣሪ ዘንግ መመሰል ይቻላል። ርዝመቱ አንድ የሆነ ዘንግ በክብ ላይ ይዞራል፤ የጫፉ አግድም ርቀት ኮሳይን፣ ከፍታው ደግሞ ሳይን ነው። e^(inx) በአንድ ዙር ውስጥ n ጊዜ ይሽከረከራል፣ e^(−inx) ደግሞ በዚያው ፍጥነት በተቃራኒው አቅጣጫ። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው አሉታዊ ፍጥነት ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ መዞር ነው። ሁለቱን ዘንጎች ስንደምራቸው ከፍታዎቻቸው ይጣፋሉ፣ አግድም ርቀታቸው ግን እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ፦

cos θ = (e^(iθ) + e^(−iθ)) / 2
sin θ = (e^(iθ) − e^(−iθ)) / (2i)

መለወጫው የሚገኘው እነዚህን በa cos nx + b sin nx ውስጥ በመተካት ነው። በሥራው መሐል አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። i በ−i ሲባዛ 1 ስለሚሰጥ፣ 1/i ማለት −i ነው። የመቀነስ ምልክቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በe^(inx) እና በe^(−inx) የተባዙትን ለየብቻ ስንሰበስብ፦

c_n = (a_n − i b_n) / 2
c_(−n) = (a_n + i b_n) / 2

ወደ ኋላ ለመመለስም a_n = c_n + c_(−n)፣ b_n = i(c_n − c_(−n))።

c_nን ሳይንና ኮሳይን ሳናነሳ በቀጥታም ማስላት እንችላለን። ፈንክሽኑን በተቃራኒው በሚዞረው ዘንግ አባዝቶ የአንድ ዙር አማካዩን መውሰድ ነው። በአምፖላችን ኢንቲግራሉ የሚሠራው መብራቱ በበራበት ከ0 እስከ π ብቻ ሲሆን ውጤቱ ይህ ነው፦

c_n = (1 − e^(−inπ)) / (2πin)

n ሙሉ ተጋማሽ ሲሆን e^(−inπ) አንድ ስለሆነ ሁሉም ዜሮ ይሆናል። ጎዶሎ ሲሆን −1 ነውና c_n = −i/(πn) ይወጣል። ለn = 1 ብንመልሰው a_1 = 0፣ b_1 = 2/π፤ ከላይ የጻፍነው ራሱ ነው። ሁለት ኢንቲግራል የሚጠይቀው ሥራ በአንድ ተጠናቀቀ።

n = 0ን በዚህ ቀመር ካስገባን ግን 0/0 ይወጣል። እዚያ ላይ ወደ መነሻው ተመልሶ አማካዩን ለብቻው መውሰድ ነው፤ c_0 = 1/2። አንዳንድ መጻሕፍት የመጀመሪያውን አባል a_0/2፣ ሌሎቹ a_0 ብለው ስለሚጽፉት ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። መጽሐፉ የትኛውንም ይምረጥ፣ c_0 ምንጊዜም አማካዩ ነው።

አሁን ሰዓቱን እንደገና በአንድ ስምንተኛ ዙር እናዘግየው። በአዲሱ አጻጻፍ እያንዳንዱ c_n በe^(inπ/4) ይባዛል፤ ሌላ ሥራ የለም። c_1 ከ−0.318i ተነስቶ 0.225 − 0.225i ይሆናል። ርዝመቱ አሁንም 0.318 ነው፣ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። a_1 እና b_1 ካስፈለጉን በመለወጫው ሁለቱም 0.450 ሆነው ይመጣሉ።

ስሕተትን መለየት የሚያስችሉ ሁለት ፍተሻዎች አሉ። ፈንክሽኑ እውናዊ ከሆነ c_n እና c_(−n) በi ምልክት ብቻ መለያየት አለባቸው። ድምሩ ውስጥ i ከቀረ የሆነ ቦታ ተሳስተናል። ይህ ፍተሻ ግን ክፉውን ስሕተት አይዘውም። የb_n ምልክት በሁሉም ላይ ከተገለበጠ ድምሩ እውናዊ ሆኖ ይቀጥላል፤ አምፖሉ ግን መብራት ባለበት ሰዓት ጠፍቶ፣ መጥፋት ባለበት ይበራል። ስለዚህ መልሱን የምናውቅበት አንድ ነጥብ ላይ እንሞክረው። በx = π/2 መብራቱ በርቷል። እዚያ 1 − 1/3 + 1/5 − … የሚለው ድምር π/4 ስለሚሆን 1/2 + (2/π)(π/4) = 1 ይወጣል። ምልክቱ ከተገለበጠ 0፣ በ2 ማካፈል ወይም ማባዛት ላይ ተሳስተን ሳይኖቹ ሁሉ በግማሽ ካነሱ ደግሞ 3/4 እናገኛለን። በx = 0 መሞከር ግን ዋጋ የለውም። ሳይኖቹ ሁሉ እዚያ ዜሮ ስለሆኑ ትክክል ብንሠራም ብንሳሳትም 1/2 ይመጣል።

ኮሳይንና ሳይን አይናቁም። ፈንክሽኑ በዜሮ ግራና ቀኝ ሲምሜትሪ ካለው ገሚሶቹ አባዢዎች ሳይሠሩ ይቀራሉ፤ በእጅ ለሚያሰላ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሞገዱ በጊዜ የሚንሸራተት ወይም ዴሪቬቲቭ የሚወሰድለት ከሆነ ግን እኔ ያለማመንታት ኤክስፖኔንሻሉን እመርጣለሁ፤ ዴሪቬቲቭ መውሰድ c_nን በin ማባዛት ብቻ ነውና። በዚህኛው የተሠራ የፍጥነት ግራፍ ላይ የአምፖላችን የመጀመሪያ ሞገድ በ+1 እና በ−1 ላይ በቆሙ፣ እያንዳንዳቸው 0.318 በሆኑ ሁለት መስመሮች ይታያል። 0.637 የጠበቀ አንባቢ ግማሹ የጠፋ ሊመስለው ይችላል፤ ግማሹ ግን በተቃራኒው በሚዞረው ዘንግ ላይ ነው።